ጋሽ ታደሰ፣ ስለ ቦይለሩ ቀን ይቁረጡልኝ

ጋሽ ታደሰ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ አስናቀችስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ብርዱ እንደሚያውቁት ሆኖ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት ማታ የላኩልኝን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ያኔውኑ ልመልስልዎ ነበር፤ ግን ተናድጄ ስለነበር ይደር ብዬ ተውኩት። ዛሬ 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ በቧንቧው ውኃ ፊቴን ስታጠብ ቀዝቀዝ አልኩ። በሁሉም በኩል።

መጀመሪያ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የተከራየነው ቤት ቦይለር መበላሸቱን ጥቅምት 24 ማታ ደውዬ ነገርኩዎት፣ ጥቅምት 29 ደግሞ ደወልኩ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ሲሉ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ነበር። አልተረሳም። ግን የጻፉት ውስጥ ዝም ብዬ የማላልፋቸው ነገሮች አሉ፤ የሌለውና እኔ የምፈልገው ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ ቀን። «ሰሞኑን ሰው እልካለሁ» ብለዋል። ጋሽ ታደሰ፣ ሰሞኑን ስንት ቀን ነው? ዛሬ ኅዳር 9 ነው። ያለ ሙቅ ውኃ 15 ቀን ሞላን።

«ቀኑን ሙሉ ለኩሳችሁት እየዋላችሁ ነው የተቃጠለው» ላሉት፤ አይደለም። ቀን ቀን ቤት ውስጥ አማቴና ሕፃኗ ብቻ ናቸው፣ አማቴ ደግሞ የቆጣሪውን ነገር ከእኔ በላይ የሚፈሩ ሰው ናቸው፣ መብራት እንኳ ሳይመሽ አያበሩም። ቦይለሩ የሚበራው ማታ ነው። በዚህ በእኛ ውኃ ቅዝቃዜ 50 ሊትሩን ለገላ እስኪበቃ ለማሞቅ በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱ ራሱ ያጠፋዋል። ሥራውም እሱ ነው። ቢረሳ እንኳ ውኃው ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይበራል እንጂ በመዋሉ ብቻ ደህና ቦይለር አይቃጠልም። ቢበዛ የመብራት ሒሳቡ ይጨምራል፤ እሱን ደግሞ የምከፍለው እኔ ነኝ።

«ውኃ በሌለበት አብርታችሁት ይሆናል» ያሉት ግን ትንሽ ያነጋግራል። እውነት ነው፣ ጠባሴ ላይ ውኃ በፈረቃ ነው፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይጠፋል። እኔም መጀመሪያ እሱን ፈርቼ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 3 በራሴ 500 ብር ከፍዬ ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ አስፈታሁት። ያገኘውን እነግርዎታለሁ፣ ፎቶዎቹንም ከዚህ ጽሑፍ በኋላ እልካለሁ።

ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል፣ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ሙቁ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከሥር ሲገፋው ነው። ስለዚህ የመንገዱ ውኃ ሲጠፋ የቦይለሩ ውኃ እዚያው ይቀመጣል እንጂ ባዶ አይሆንም፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ መግቢያው ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የምትባል ትንሽ ነገር አለች። ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍሰውም እሷው ናት። የእኛ ቦይለር ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የለም! ከመጀመሪያው አልተገጠመም፤ ቱቦው በቀጥታ ነው የታሰረው፣ የታሰረበት ገመድና ቀለም ከግድግዳው ቀለም ጋር አንድ ላይ ደርቋል። እኛ የገባነው ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ቤቱ የተቀባው ከዚያ በፊት ነው። እንግዲህ ውኃ በጠፋ ቁጥር እየተመለሰ ቦይለሩ ጎድሎም ከሆነ፣ በማን ጥፋት እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱት።

ሁለተኛው ነገር ውኃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ነው። ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ጋግሮበት እንደ በቆሎ እንጀራ ወፍሯል። የውኃው ኖራ ነው፣ በዓመታት የሚጠራቀም። እንዲህ ሲሸፈን ሙቀቱን ለውኃው መስጠት ያቅተውና ራሱን ያቃጥላል። ሰውየው «ይሄ ከተገጠመ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም» አለኝ። ዝገቱን የሚከላከለው የማግኒዥየም ዘንግም አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። የእኛ የስምንት ወር አጠቃቀም ይሄን ሁሉ አያመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «እስከዚያው 15 ደቂቃ እያበራችሁ አጥፉት» ብለዋል። ይሄን አላደርግም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውኃው እየወጣ ነው። ያወቅነውም በአማቴ ነው። ጥቅምት 24 አመሻሽ ላይ እጃቸውን ሊታጠቡ ቧንቧውን ሲከፍቱ «ነዘረኝ!» ብለው ጮኹ። ብሬከሩም ከዚያ በኋላ ቦይለሩን ባበራን ቁጥር ይወርዳል። ቤቱ ኤርዝ እንደሌለው ኤሌክትሪሺያኑ ለክቶ አሳይቶኛል። ሴትየዋ እጃቸው እርጥብ ሆኖ እንኳ ስለተረፉ ነው ማርያምን የማመሰግነው። ስለዚህ የቦይለሩን ብሬከር አውርጄ በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ተሠርቶ እስኪያልቅ ማንም አያነሳውም። እርስዎ የሚልኩትም ሰው ቢሆን ደውሎልኝ እንጂ ዝም ብሎ እንዳያበራው።

ኑሯችንን በአጭሩ ልንገርዎ። ውኃ የምናሞቀው በምድጃ ነው፣ መብራት ሲጠፋ በከሰል። ከሰሉን በረንዳ ላይ ነው የምናቀጣጥለው፤ ጭሱ ለሕፃኗ አይሆንም፣ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ሕፃኗ ሰባት ወሯ ነው። ገላዋን በሦስት ቀን አንዴ ነው የምናጥባት፣ ያውም ቀን 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትበረታ። ባለቤቴ የፈላ ባሊ ተሸክማ ከኩሽና ወደ ሻወር ቤት ስትሄድ በየቀኑ ልቤ ይንጠለጠላል። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ባና ለብሰው ያደጉ፤ እሳቸው እንኳ «ይሄስ ቤት ውስጥ ነው ሜዳ?» ብለው ቀለዱብኝ። የመንዝ ሰው በብርድ ሲያማርር ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። እርስዎም እዚሁ ደብረ ብርሃን ያደጉ ነዎት፣ የኅዳርን ውርጭ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን በብርዱ ሌላ አገር ነው።

ውላችንን አወጣሁና አየሁት። ተራ ቁጥር 7 ላይ፣ ከተከራይ ጥፋት ውጭ የሚደርስ የውኃ፣ የመብራትና የቧንቧ ብልሽት በአከራይ ወጪ እንደሚሠራ፣ ከተነገረ በ15 ቀን ካልተሠራ ተከራይ አሠርቶ ከኪራይ እንደሚያስብ ተጽፏል። ሁለታችንም ፈርመናል፣ ምስክሮችም አሉ። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮም ነገሩ ይኸው ነው፤ ቤቱን ለመኖሪያ እንደሚሆን አድርጎ ማቆየት የአከራይ ነው። ይሄን የምለው ሕግ እየጠቀስኩ ላስፈራራዎት አይደለም። ትንንሹን እኔም እኮ ጠይቄዎት አላውቅም። የበሩን ቁልፍ ቀይሬያለሁ፣ የኩሽናውን ቧንቧ ጎሚኒ ሦስቴ ቀይሬያለሁ፣ የመጸዳጃ ቤቱን አምፖልማ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ኪራይም አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ቦይለር ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በዛሬው ቀን በውሉ መሠረት አሠርቼ ከኪራይ ማሰብ እችል ነበር። ሳልነግርዎ ማድረግ ግን ደስ አላለኝም፤ በመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የምጠይቅዎት ይሄን ነው። እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ማታ ድረስ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይሠራል» ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ዓርብ ሚካኤል ነው፣ ማንም አይሠራም። ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፣ ለእኔ የሚሻለው እሱ ነው። ካልተመቸዎት እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ መታገሥ እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም።

ምርጫውን ለእርስዎ ትቻለሁ። ሬዚስታንስ፣ ቴርሞስታት፣ ጎሚኒ፣ የማግኒዥየም ዘንግና ሴፍቲ ቫልቭ፣ የኤርዙን ሥራ ጨምሮ ከነእጅ ዋጋው ኤሌክትሪሺያኑ 7,200 ብር ብሎኛል። ተከራክሬ ነው እዚህ ያደረስኩት። አዲስ 50 ሊትር ልግዛ ካሉ ደግሞ ሁለት ሱቅ ጠይቄ ከ18,000 ብር በታች አላገኘሁም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ የአሁኑ ገንዳው ገና አልተቀደደም፤ ኖራው ተጠርጎ ቢጠገን ጥቂት ዓመት ይሄዳል። ኤርዙና ሴፍቲ ቫልቩ ግን በየትኛውም መንገድ አይቀሩም፤ አዲስ ቢገዙም ያለ እነሱ ተመልሰን እዚሁ ነን። የራስዎ ሠራተኛ ካለ ይላኩ፣ ደስ ይለኛል፤ ብቻ የቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ይሁን።

ሐሙስ ማታ ድረስ ቀን ካልነገሩኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑን ጠርቼ ጥገናውን አሠራለሁ፤ ደረሰኞቹን ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ፣ የተቃጠለውንም ዕቃ አልጥለውም፣ ሲመጡ ያዩታል። ወጪው ከታኅሣሥ ኪራይ ላይ ይታሰባል። ለምርመራው የከፈልኩትን 500 ብር እኔ ችዬዋለሁ፣ አላስብም።

ለሚካኤል ከመጡ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ይግቡ። ቦይለሩንም በዓይንዎ ያዩታል፣ ቡናም እንጠጣለን፤ ዓርብ ነውና ዶሮ ባይኖርም የጾም ምሳ አይጠፋም። እጅ መታጠቢያውን ግን አሞቅልዎታለሁ።

እትዬ አስናቀችን ሰላም ይበሉልኝ። መልስዎን እጠብቃለሁ።

መላኩ፣ የጠባሴው ቤት
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018