ለአዲሱ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የማይክሮኮንትሮለር ኪት መግዣ ገንዘብ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ

ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለኤሌክትሮኒክስ ክበብ 8 የማይክሮኮንትሮለር ኪት እንዲገዛልን ስለመጠየቅ

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ በአጭሩ እንዳነሳሁልዎት፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ልጀምር ተዘጋጅቻለሁ። እስካሁን 31 ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ 13ቱ ሴቶች ናቸው። ቦታም ጊዜም አለን፣ የጎደለን ዕቃ ነው፤ ይኸውም ማይክሮኮንትሮለር የሚባለው፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር ያለበት ኪት ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ 62,800 ብር እንዲፈቀድልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አምና የሆነውን ላስታውስዎት። በራሴ ገንዘብ አርዱዪኖ የሚባል አንድ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ገዝቼ ክፍል ይዤ ገባሁ። ቦርዱ መዳፍ አይሞላም፤ ከኋላ የነበሩት ለማየት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሙ። ትንሿ መብራት በየሰከንዱ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን አንድ ተማሪ የ9 ቮልት ባትሪ አምጥቶ ቀዩን ሽቦ 5V የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰካው። በዚያ በኩል የገባ ኃይል ቮልቴጁን የሚቀንሰውን ክፍል ሳያልፍ በቀጥታ ቺፑ ላይ ይደርሳል፣ ቺፑ ደግሞ ከ6 ቮልት በላይ አይችልም። የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ የዓመቱ የተግባር ትምህርትም እዚያው ላይ አበቃ። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ማንም ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው። እሱ ግን እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ዕቃ በእጁ አልነካም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። 41 ልጅ አንድ ቦርድ ሲከብ ደፋሩ ይነካል፣ ሌላው ያያል፤ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም ይፈራል።

አሁን የጠየቅኩት ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ኪት እንዲሠሩ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ 24 ተማሪዎች ይገባሉ፣ የቀሩት 7 በሁለተኛው ይቀጥላሉ። በየኪቱ ቦርዱ፣ ብሬድቦርድ፣ ጃምፐር ሽቦ፣ ኤልኢዲ፣ ሬዚስተርና የተለያዩ ሴንሰሮች አሉ። ለቦርዱ ትእዛዝ የምንጽፍበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ በኮምፒውተር ክፍላችን ባሉት ማሽኖች ላይ እኔው እጭነዋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራቸው የግቢያችን ሮቶ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ፣ ወይም ጥበቃው መሰላል ወጥተው ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ እርስዎም አይተዋል። ክዳኑ ሥር የሚገጠም ሴንሰር ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ውሃው 1 ሜትር ዝቅ ካለ ምላሹ ወደ 6 ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሊሞላ ሲል አንድ ደወል ይጮኻል። ልጆቹ በፊዚክስ ክፍል በቃላቸው የያዙትን ቀመር እዚህ ራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ ጥበቃውም ከመሰላሉ ያርፋሉ። በኪቱ ውስጥ ያለው ሴንሰር እርጥበት ስለማይችል፣ እርጥበት የሚችል አንድ ለብቻው በመለዋወጫው ውስጥ አስገብቻለሁ።

ዋጋውን ለማጣራት መርካቶ ሄጄ ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በዝቅተኛው ዋጋ 8 ኪት እያንዳንዱ በ6,400 ብር 51,200 ብር፣ 2 መልቲሜትር 3,500 ብር፣ 2 ትርፍ ቦርድ 3,800 ብር፣ መለዋወጫ 4,300 ብር ይሆናል። የቀረቡት ቦርዶች ኦሪጅናል አይደሉም። የቦርዱ ንድፍ ለማንም አምራች ክፍት ስለሆነ ይህ ሕገወጥ አያደርጋቸውም፣ ለትምህርትም ይበቃሉ፤ ኦሪጅናሉ ይገዛ ቢባል ግን ባለው ገንዘብ የኪቱን ቁጥር እንቀንሳለን ማለት ነው፣ ያንን አልመክርም። ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለ15 ቀን ብቻ ነው።

በጀቱ ካልበቃ በ5 ኪት በ15 ተማሪዎች እንጀምራለን። እንዲያም ቢሆን ሁለቱ ትርፍ ቦርዶች እንዳይቀነሱ አደራ እላለሁ። አንድ ቦርድ ቢቃጠል በማግስቱ ሌላ እንደሚተካ ልጆቹ ካወቁ እጃቸውን አይሰበስቡም።

ዕቃው በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገብቶ በእኔ ስም በሞዴል 22 ይወጣል፤ በቤተ ሙከራው ቁምሳጥን ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በእኔ እጅ ይሆናል። ክበቡ የሚሰበሰበው ዘወትር ረቡዕ ከ9፡30 እስከ 11፡00 ሰዓት ነው። ለዚህ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አልጠይቅም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲያየው ከተፈለገ፣ የተረፈችኝን የአምናዋን የተቃጠለች ቦርድ ይዤ ቀርቤ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

መምህር ታደሰ
የኤሌክትሮኒክስ መምህርና የክበቡ አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለተጓዳኝ ትምህርት አስተባባሪ
ለፋይናንስና ንብረት ክፍል