ክፍል 3፦ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የክትባትና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ

ጤና ጣቢያው መንዝ ደጋ ውስጥ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ይገኛል። በሥሩ ካሉት አምስት ጤና ኬላዎች ጋር ወደ 25,000 ሰው ያገለግላል፤ በዓመት 800 ያህል ሕፃናት ክትባት ይጀምሩበታል። ክትባቱ የሚቀመጠው በነጭ ጋዝ በሚሠራ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነው።

ትልቁ ሥጋታችን ሙቀት ሳይሆን በረዶ ነው። የፍሪጁ እሳት የሚስተካከለው በእጅ ነው፤ ለቀኑ ሙቀት ተብሎ ከፍ የተደረገ ክር የደጋው ሌሊት ሲበርድ ውስጡን ከ0 ዲግሪ በታች ያወርደዋል። ፔንታቫለንት፣ ፒሲቪ፣ አይፒቪ፣ ቲዲና ኤችፒቪ አንዴ በረዶ ከመታቸው አይድኑም። ብልቃጡ ላይ ያለው ቪቪኤም የተባለ ምልክት የሚቆጥረው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ ጉዳቱን አይናገርም። ብልቃጥ ነቅንቆ መፈተሽም ለአይፒቪ አይሠራም። ሕፃኑ ተከተበ ተብሎ ካርዱ ይሞላል፣ መከላከያው ግን የለውም። ጢስ ማውጫው በጥላሸት ሲደፈን ደግሞ ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ጉልበቱን ያጣል።

የምንጠይቀው ባትሪ የሌለው፣ ከፓኔሉ በቀጥታ የሚሠራና በዓለም ጤና ድርጅት የብቃት ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ፍሪጅ ነው። ለክትባት ቢያንስ 36 ሊትር የሚይዝ፣ ሠራተኛው ቢሳሳት እንኳ ክትባቱን በረዶ የማያስመታ፣ ፀሐይ በጠፋ ጊዜ ቢያንስ 3 ቀን የሚያቆይ፣ የ30 ቀን ሙቀት መዝጋቢም ያለው መሆን አለበት። ክረምቱን የሚያሻግረን ይህ ነው። የቤት ፍሪጅ በባትሪና በኢንቨርተር ማሠራት ርካሽ ይመስላል፤ ባትሪው በጥቂት ዓመት ሲደክም ግን የሚተካ ገንዘብ አይገኝም።

የጣሪያችን ግማሽ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ስለሚውል ፓኔሉ የሚተከለው በግቢው ውስጥ፣ ሲሚንቶ በተሞላ ጉድጓድ በቆመ ምሰሶ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዝንባሌው ቢያንስ 15 ዲግሪ (ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው)፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ የማያገኘው ይሆናል። የመሬት ሽቦና ሌባ የማይፈታው ብሎን ያስፈልጉታል። ከገመዱ ላይ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ መቀጠል ክልክል ነው።

ፍሪጁ፣ ፓኔሉና መቆሚያው 820,000 ብር፤ ማጓጓዣ 95,000፤ ተከላና ሥልጠና 110,000፤ መለዋወጫ 45,000፤ ጠቅላላ 1,070,000 ብር። ጉድጓዱን፣ አጥሩንና ጥበቃውን ጤና ጣቢያው ይሸፍናል።

ኦክሲቶሲንና ኢንሱሊን ምልክት በተለጠፈበት የራሳቸው ቅርጫት ይቀመጣሉ፤ ምግብና ውኃ አይገባም። ሙቀቱ ጠዋትና ማታ፣ በዓልም ቢሆን፣ ይመዘገባል። በበጋ ፓኔሉ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ከተከላው በኋላ ባዶው ፍሪጅ 5 ተከታታይ ቀን በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መቆየቱ በመዝጋቢው ካልታየ አንድም ብልቃጥ አይገባበትም።