የዳማ የትልና የቁንጫ መድኃኒት ቀናት፦ ጡት ከመጣል እስከ አንድ ዓመት

እትዬ፣ ይህቺን ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ ይለጥፉልኝ። የልጅ ልጅዎ ያነብልዎታል፤ መድኃኒት በሰጣችሁ ቁጥርም ቀኑ አጠገብ ምልክት ያድርግበት። እኔ ከኮዬ ፈጬ እየደወልኩ ከማስቸግርዎት ይህ ይሻላል።

ድመቷ ዳማ የተወለደችው ጥቅምት 2 ቀን 2018 ነው። ዛሬ ኅዳር 14፣ ልክ ስድስት ሳምንቷ ነው። ምግብ መልመድ ጀምራለች፤ ጡቱንም እየተወች ነው። ትናንት ባለሱቁ ሚዛን ላይ በፌስታል አድርጌ መዘንኳት፣ 650 ግራም ሆነች። ባለሱቁ «በኪሎ ስንት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። የመጀመሪያውን የትል መድኃኒት ጥቅምት 30 ቀን፣ በአራት ሳምንቷ ሰጥቻታለሁ። እናቷም በዚያው ቀን ወስዳለች።

«ገና ሕፃን ናት፣ ትል ከየት መጣባት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከጡት ነው። የወስፋት እጭ ከእናቲቱ ወተት ጋር ወደ ልጆቹ ያልፋል። ስለዚህ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመት እንኳ ወስፋት ሊኖራት ይችላል። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጀርባዋ አጥንት ከሆነ ጠግባ አይደለም፣ ወስፋት ነው።

መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ የምንደግመውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚገድለው አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው። በሰውነቷ ውስጥ ገና የሚጓዘው እጭ ያመልጣል፣ በኋላ አንጀት ገብቶ ያድጋል። እሱን በሚቀጥለው ዙር እናገኘዋለን። አንዴ ሰጥቶ «በቃ ጸዳች» ማለት አይሠራም።

ኅዳር 14፣ እሑድ (ስድስት ሳምንት)

የዛሬውን እኔው ሰጥቻታለሁ። በፌስታሉ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ፓይራንቴል የሚባል ሽሮፕ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም አለው። ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ 0.4 ሚሊ ሊትር ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎበታል። ዳማ 650 ግራም ስለሆነች 0.26 ወሰደች። ይህ ልክ ለዚህ ብልቃጥ ብቻ ነው። ሌላ ብልቃጥ ከገዛችሁ ጥንካሬው ሊለያይ ስለሚችል እንደገና ያስሰሉ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። ብልቃጡን በደንብ ይናጡት። መርፌ የሌለው የ1 ሚሊ ሲሪንጅ አለ፣ እሱን ይጠቀሙ። ዳማን በነጠላ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ ያስቀምጧት፤ አለዚያ ትቧጭራለች። ሲሪንጁን በአፏ ጎን፣ ከክራንቻዋ ኋላ ያስገቡና ቀስ እያሉ ይግፉ። ፊት ለፊት ጉሮሮዋ ውስጥ አይርጩባት፣ ትን ይላታል። በማግስቱ በሰገራዋ ውስጥ ክር የመሰለ ነጭ ትል ቢታይ አይደንግጡ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው።

የቁንጫ መድኃኒት ዛሬ የለም። ገና አንድ ኪሎ አልሞላችም። ለአሁኑ ቅማል ማበጠሪያውን ይዘን እንገፋለን።

እስከዚያው፣ በየቀኑ ማታ

አንድ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ላርጎ ጠብ ያድርጉ። ማበጠሪያውን ከአንገቷ ጀምረው ወደ ጭራዋ ይሳቡት። ከጆሮ ኋላ፣ ከአገጯ ሥርና ከጭራዋ መነሻ ላይ ይበርቱ፣ ቁንጫ የሚወደው እዚያ ነው። ማበጠሪያው ላይ የተያዘውን ወዲያው ውኃው ውስጥ ይንከሩት። ሳሙና ባለበት ውኃ ቁንጫ መንሳፈፍ አይችልም፣ ይሰምጣል። በጥፍር ለመጨፍለቅ አይሞክሩ፣ ዘሎ ያመልጣል።

ጥቁር ቡና የመሰለ ብናኝ ካገኙ እርጥብ ሶፍት ላይ ያድርጉት። ቀይ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀዩ የጠጣው ደም ነው። ይህን ለልጅ ልጅዎ ያሳዩት፣ ደስ ይለዋል።

ድዷን ደግሞ በሳምንት አንዴ ገለጥ አድርገው ይዩ። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ቁንጫው ወይም መንጠቆ ትሉ ደሟን ጨርሶታል። ለሕፃን ድመት ይህ ቀልድ አይደለም፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ኅዳር 28፣ እሑድ (ስምንት ሳምንት)

መጀመሪያ ይመዝኗት። ወደ 900 ግራም ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ፣ ግን በእኔ ግምት አይስጧት። 900 ከሆነች ፓይራንቴሉ 0.36 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ኪሎ ካልደረሰች የቁንጫ መድኃኒት አሁንም አይነካትም፤ ማበጠሪያው ይቀጥላል።

ታኅሣሥ 12 (አሥር ሳምንት)፣ ከዚያም በየወሩ በሚካኤል

እዚህ ላይ ተንኮል ሠርቻለሁ። እርስዎ ቀን ይረሳሉ፣ ሚካኤልን ግን አይረሱም። ስለዚህ ከታኅሣሥ 12 ጀምሮ ያለው ሁሉ በወሩ በ12 እንዲውል አድርጌዋለሁ። ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት።

የቁንጫው መድኃኒት ፊፕሮኒል ነው። በፌስታሉ ውስጥ የድመት ሥዕል ያለባቸው ሦስት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ። አንገቷ ኋላ፣ ማጅራቷ ላይ ፀጉሩን ገልጠው ቆዳዋ ላይ አንዱን ሙሉውን ጨምቀው ያፍስሱላት። በምላሷ እንዳትደርስበት ነው እዚያ የሚደረገው። እስኪደርቅ ልጁ አይዳብሳት። ከሁለት ቀን በፊትም ከሁለት ቀን በኋላም አትታጠብ። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሞልቷት አንድ ኪሎ ስትደርስ ብቻ ነው የሚሰጣት፤ በ12 ካልሞላች ሲሞላላት ያድርጉና ቀጣዩን ወር ወደ 12 ይመልሱት።

የትሉ መድኃኒት በዚህ ቀን ይቀየራል። ፓይራንቴልና ፕራዚኩዋንቴል አንድ ላይ ያለበት የድመት ክኒን ነው፤ አንዱ ክኒን ለአራት ኪሎ ድመት የተሠራ ነው። አንድ ኪሎ ከሆነች ሩቡን ይፍጩና በጥቂት የዶሮ መረቅ ይስጧት። ፕራዚኩዋንቴሉ ለኮሶ ነው፤ ሽሮፑ ኮሶን አይገድልም። ኮሶው ደግሞ ከቁንጫ ይመጣል። ድመት ስትልስ ቁንጫ ትውጣለች፣ የኮሶው እጭ ቁንጫው ውስጥ አለ። ቁንጫውን ትተን ትሉን ብቻ ብናክም በሳምንታት ውስጥ ወደነበረችበት ትመለሳለች። ከመቀመጫዋ አካባቢ ነጭ የሩዝ ፍሬ የመሰለ፣ ሲደርቅ ሰሊጥ የሚመስል ነገር ካዩ ኮሶ ነው።

ጥር 12 እና የካቲት 12 የቁንጫው መድኃኒት እንዳለ ሆኖ፣ ለትሉ ሽሮፑ ይበቃል። መዝነው፣ በኪሎ 0.4። ሰሊጡን ካዩ ብቻ ወደ ክኒኑ ይሂዱ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፣ ታቦት ሸኝተው ስለሚመጡ ማታ ይሁን። በሦስት ወሯ አካባቢ የእብድ ውሻ ክትባቷን አትርሱ፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ አብሮ ያልቃል።

መጋቢት 12 ላይ ክኒኑን ይስጧት። ዐቢይ ጾም ነው፣ ከቤት ሥጋ አይወድቅላትም፤ አይጥ ማደኑን የምታጠናክረው ያኔ ነው። አይጥም የራሱን ኮሶ ያመጣል። በዚህ ጊዜ ከሁለት ኪሎ በላይ ትሆናለች፤ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ አንድ ሙሉ ክኒን ነው። ስለ ማምከን ሐኪሙን የምናነጋግረውም አሁን ነው፣ አለዚያ በክረምት አምስት ድመት ይኖርዎታል።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት በኋላ፣ ሽሮፕ። የበጉን ጥሬ ሳምባና አንጀት አይጣሉላት። ስድስት ወር ስለሞላት ወርኃዊው የትል መድኃኒት እዚህ ላይ ያበቃል። የቁንጫው ግን በየወሩ ይቀጥላል።

ሐምሌ 12 እና ጥቅምት 12፣ 2019

ከዚህ በኋላ ትሉ በየሦስት ወሩ ነው፤ በየጊዜው ክኒኑ፣ ምክንያቱም ዳማ አዳኝ ናት። ጥቅምት ላይ አንድ ዓመት ይሞላታል፣ ጎልማሳ ናት። በዚሁ ጥር፣ ሚያዝያ፣ ሐምሌ፣ ጥቅምት እያሉ ይቀጥሉ። ክረምቱን ግን ልብ ይበሉ። እርጥበት ለቁንጫ ልጆች ይመቻል፤ እሷም ከቤት ስለማትወጣ እንቁላሉ ሁሉ እቤት ውስጥ ይራገፋል።

ቤቱ

ቁንጫ ድመቷ ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ወርዶ ምንጣፍ ሥር፣ አልጋ ሥርና የሊሾው ስንጥቅ ውስጥ ይፈለፈላል። የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይቀቅሉት። ካርቶኑን በየወሩ ያቃጥሉት፣ ሱቅ አዲስ አይጠፋም። ምንጣፉን አውጥተው ፀሐይ ያስመቱት፤ እጩ ደረቅ ፀሐይ አይችልም። ሰገራዋን በየቀኑ ቆፍረው ይቅበሩት። የወስፋቱ እንቁላል ሰው ላይ የሚተላለፈው አፈር ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ትኩሱን ማንሳት ነው ዋናው። ልጁም አሸዋው ላይ ተጫውቶ ሲመጣ እጁን ይታጠብ።

የማይነኩ

እባክዎ፣ ለበጎቹ ያለዎትን ዲያዚኖን ወደ ዳማ አያስጠጉት። ባለፈው ዓመት አንዲት ድመቴን ጎረቤት በሰጠኝ የበግ መድኃኒት አጠብኳት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለሃጯ መዝረብረብ ጀመረ። እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አከለ። ሌሊቱን አላለፈችም። ጎረቤቴ ለደግ ብሎ ነው የሰጠኝ፣ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የተቀበልኩት።

የውሻ የቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ። ፐርሜትሪን የሚል ካለበት ውሻውን አይነካም፣ ድመትን ይገድላል። ለከብት የሚወጋ አይቨርሜክቲን እና ለበግ የሚጠጣ አልቤንዳዞልም ለእሷ አይደሉም። ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው የሰው ፕራዚኩዋንቴል ደግሞ አንዱ ክኒን 600 ሚሊ ግራም ነው፤ የአንድ ኪሎ ድመት ልክ 5 ሚሊ ግራም ነው። በምላጭ ቢቆርጡት እንኳ አይደርሱበትም።

ከረሱ፣ ባስታወሱበት ቀን አንዱን ይስጡ። ሁለቱን ደርበው አይስጡ። ከሰጧት በኋላ ካንቀጠቀጣት ወይም ለሃጭ ከበዛባት፣ በሳሙና አጥበው ብልቃጡን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው።

በፌስታሉ ውስጥ ያሉት፦ አንድ ብልቃጥ ሽሮፕ፣ ሁለት ሲሪንጅ፣ ሦስት የማጅራት መድኃኒት፣ ሁለት ክኒን፣ ቅማል ማበጠሪያው። የማጅራቱ የካቲት ላይ ያልቃል። ለመጋቢት ሚካኤል እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ቡና ያስጠብቁልኝ።