ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ

ሀና ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመድ ከረመች። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ተሸመደደ። «ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ለሚለውም «የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» የምትል መልስ ተዘጋጀች። ይቺን መልስ መቶ ጊዜ ያልሰማ ቀጣሪ ድሬ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ግን ምን ታድርግ፣ ዓይን አፋር ናት። ትምህርት ቤት «አቤት» ብላ እንኳ ስላልተሰማች ቀሪ ተብላ የተመዘገበችበት ቀን አለ።

ቢሮው ከዚራ ነው፤ የትራንዚት ሥራ። ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር «ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ዲክላራሲዮን» እያለች በሆዷ ትደግማለች። ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ሙቀቱ ነው፣ አለች ለራሷ።

ጠያቂዎቹ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ናቸው። ጥግ ላይ ደግሞ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የተሸመደደው ሁሉ ተጠየቀ፣ ተመለሰ። ቬንትሌተሩ ከእሷ በላይ ይጮሃል።

ከዚያ ሴትየዋ ሁለት ወረቀት ሰጠቻት።

«እሳቸው ሹፌር ናቸው፤ ከጅቡቲ ነው የመጡት። መኪናዎ ዛሬ ይወጣል ብለናቸው ነበር። ወረቀቱን እዪና አንቺ ንገሪያቸው።»

ይሄ መስታወቱ ፊት አልነበረም።

ኢንቮይሱ 420 ካርቶን ይላል። ፓኪንግ ሊስቱ 402። ሦስት ጊዜ አየችው። ማወቁ አላስቸገራትም፤ የቸገራት መናገሩ ነው። እናቷ ለሹፌሮች ሻይ ትሸጣለች። ዱቤ የበዛበትን ደንበኛ እንኳ ሻዩን ሳይጨርስ «ሂሳብህ» አትለውም።

«ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?»

ሰውየው ቀና አሉ። «አልበላሁም አቦ! ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ይብሉ፣ ይረፉም። መኪናው ዛሬ አይወጣም።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁም!»

ብድግ አለች። «ዛሬ አይወጣም! አንዱ ወረቀት 420 ይላል፣ አንዱ 402። ሲጻፍ ቁጥሩ ተገለባብጦ ይሆናል፤ ግን በግምት አይሠራም። ላኪው አስተካክሎ ይላክ። እንዲሁ ይዘን ብንቀርብ ጉምሩክ ላይ የሚጉላሉት እርስዎ ነዎት።»

ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ነገስ ይወጣል?»

«አዎ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጠቻት።

«አላውቅም ጋሼ። የላኪው መልስ እንደመጣ እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ።»

ገና እንዳልተቀጠረች ትዝ ያላት ይሄኔ ነው። ፊቷ ጋለ። ቁጭ አለች።

ሽማግሌው ግን ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር። «በይ፣ ቁጥሬን ጻፊ።»

ሀና እስክሪብቶ አልያዘችም። ሴትየዋ የራሷን ገፋ አደረገችላት።