ጀማዓ፣ ማትሪክ ደረሰ! ለድሬ ተፈታኞች 5 አጫጭር ምክሮች

1/9
ጀማዓ፣ ማትሪክ ደረሰ!
ለድሬ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 5 አጫጭር ምክሮች።
ከሳቢያን ልጅ፣ ከእህታችሁ።
ወደ ጎን ግፉት →

2/9
እኔም ለዚሁ ፈተና ሳቢያን ቁጭ ብዬ አጥንቻለሁ። በግንቦት ሙቀት፣ ላቤ ደብተሬ ላይ እየተንጠባጠበ።
አሁን ተማሪ አስጠናለሁ። በየዓመቱ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ብዙዎቻችሁ ሰነፍ አይደላችሁም። የምታጠኑበት ሰዓት ግን ልክ አይደለም።

3/9
ምክር 1፦ ከፀሐይዋ ጋር አትታገሉ
ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድሬ ራሷ ታሸልባለች። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር። እናንተ ለምን ከፊዚክስ ጋር ትፋጠጣላችሁ? ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ፈዛችሁ ትውላላችሁ፣ ከዚያ «አይገባኝም» ብላችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ገብቷችኋል እኮ። ሙቀቱ ነው።

4/9
ይህን ሞክሩት
🌅 ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋት 1፦ ከባዱ ትምህርት። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኢኮኖሚክስ።
☀️ ከቀኑ 7 እስከ 10፦ ምሳ፣ ውሃ፣ ትንሽ እንቅልፍ።
🌇 ከ10 እስከ 12፦ ቀለል ያለ ንባብ።
🌙 ከምሽቱ 1 እስከ 3 ተኩል፦ ጥያቄ መሥራት። ከዚያ መኝታ።
ቬንትሌተር የለም? ወለሉን ውሃ አርከፍክፉበት፣ ወይም ግቢ ውጡና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እናቴ ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

5/9
ምክር 2፦ የሳታችሁትን አጥኑ
የምታውቁትን ደጋግሞ ማንበብ ደስ ይላል። ነጥብ ግን አይጨምርም።
አንድ ደብተር ለስህተት ብቻ ይኑራችሁ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት ሥሩ። የሳታችሁትን ጥያቄ ጻፉ፣ ከሥሩ ለምን እንደሳታችሁት በአንድ መስመር። «ፎርሙላው ጠፋኝ»፣ «ጥያቄውን ቸኩዬ አነበብኩ»፣ «ዩኒቱን አልቀየርኩም»።
ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ግለጡት። ያው ሁለት ሦስት ስህተት እየተመላለሰ ታገኙታላችሁ። እሱን ነው መያዝ።

6/9
ምክር 3፦ እንግሊዝኛንና አፕቲትዩድን አትናቁ
ናቹራልም ሶሻልም ይፈተናቸዋል። «እሱ አይጠናም» የሚሏችሁን አትስሙ።
በቀን አንድ ምንባብ፣ 10 የአፕቲትዩድ ጥያቄ። በቃ።

7/9
ምክር 4፦ በምርቃና አታጥኑ
ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።
11ኛ ክፍል እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ጫት፣ ሻይ፣ ደብተር። ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። በነጋታው ፈተናው ፊቴ ሲቀመጥ ያነበብኩት ሁሉ ተምታታብኝ፣ ዓይኔም አልገለጥ አለ።
ጫት እንቅልፍ ያባርራል። ያጠናችሁት ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚረጋው ግን ስትተኙ ነው።
ቤት ውስጥ በርጫ አለ? አባባን በትሕትና ጠይቋቸው፦ «እስክፈተን ድረስ ያንን ክፍል ለጥናት ልጠቀምበት?» እምቢ የሚል አባት አላየሁም።

8/9
ምክር 5፦ ሻንጣውን ቀድማችሁ አዘጋጁ
ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ብዙ ተፈታኝ የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ ነው። ስልክ አይገባም። ስለዚህ፦
✔️ የመፈተኛ ካርድና መታወቂያ
✔️ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ (ሁለት ሁለት)
✔️ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና
✔️ የእጅ ሰዓት ለለመደ ሰው፣ ከተፈቀደ
✔️ ጃኬት! ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከተመደባችሁ፣ ድሬ ላደገ ልጅ ብርድ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐሮማያ ወደ 2,000።
በኮምፒውተር ከሆነ የምትፈተኑት፣ አንድ ቀን ማውዝ ይዛችሁ ተለማመዱ። ስልክ ብቻ የለመደ እጅ ይንቀጠቀጣል።
ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጥቷል» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ደግሞ ወዲያው ብሎክ።

9/9
የትኛው ምዕራፍ ነው ያስቸገራችሁ?
ትምህርቱንና ምዕራፉን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።
ስልክ ለሌለው ጓደኛችሁ ምክር 1ን እና የሻንጣውን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጡለት።