የሐሙስ ጠዋት የወተት ጉዞ፦ ከሳሪስ እስከ ሳሪስ፣ ደንበኛ በደንበኛ የተጣራ ሰዓት

ለጋሽ በቀለ (ሾፌር) እና ለሙሌ (ረዳት)
ግልባጭ፦ ለመጋዘን
ከስምሪት፣ ረቡዕ ማታ

ጋሽ በቀለ፣ የነገው መነሻ ከጠዋቱ 12:30 ነው፤ እንደ ወትሮው 12:40 አይደለም። ተራውም ተቀይሯል። ከጎተራ በቀጥታ ፒያሳ ይወጣሉ፣ ሜክሲኮ ሲመለሱ ነው። ገርጂ ደግሞ ከመገናኛ ይቀድማል። ለምን እንደቀየርኩት ከሰንጠረዡ በታች አለ፤ መንገድ ሲዘጋጋ የቱ ጋ መጨነቅ እንዳለብዎት ከዚያ ይታወቃል።

ዛሬ የጾም ቀን ስለነበር ጭነቱ ቀላል ነበር። ነገ 100 ሳጥን ነው። መኪናዋ 110 ስለምትይዝ በቦታ በኩል ሐሳብ የለም፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው።

ሁሉም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። "የሚቀበሉበት" የሚለው ማራገፍ የሚጀመርበት ጊዜ ነው፤ መጨረሻው ሰዓት ሳያልፍ ከጀመርን ቢረዝምም ያስጨርሱናል። ቀድመን ከደረስን በሩ እስኪከፈት እንጠብቃለን። "ትርፍ" ያልኩት ማራገፍ በምንጀምርበትና በሩ በሚዘጋበት ሰዓት መካከል ያለው ደቂቃ ነው።

| ቦታ | መንገድ (ደቂቃ) | መድረሻ | የሚቀበሉበት | ጥበቃ | ማራገፍ (ደቂቃ) | መውጫ | ትርፍ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሳሪስ መጋዘን | – | – | – | – | – | 12:30 | – |
| ጎተራ፣ ካፌ | 15 | 12:45 | 12:30–1:30 | 0 | 8 | 12:53 | 45 |
| ፒያሳ፣ ኬክ ቤት | 26 | 1:19 | 12:30–2:15 | 0 | 10 | 1:29 | 56 |
| ሜክሲኮ፣ ሱፐርማርኬት | 20 | 1:49 | 2:00–4:00 | 11 | 15 | 2:15 | 120 |
| አራት ኪሎ፣ ትምህርት ቤት | 24 | 2:39 | 2:30–3:30 | 0 | 10 | 2:49 | 51 |
| ካዛንቺስ፣ ሆቴል | 14 | 3:03 | 2:00–4:00 | 0 | 20 | 3:23 | 57 |
| ገርጂ፣ ሆስፒታል ወጥ ቤት | 24 | 3:47 | 3:00–4:30 | 0 | 12 | 3:59 | 43 |
| መገናኛ፣ ሱፐርማርኬት | 15 | 4:14 | 3:00–5:00 | 0 | 15 | 4:29 | 46 |
| ቦሌ፣ ካፌ | 18 | 4:47 | 3:00–5:30 | 0 | 12 | 4:59 | 43 |
| ሳሪስ መጋዘን | 25 | 5:24 | እስከ 6:00 | – | – | – | 36 |

በድምሩ 181 ደቂቃ መንገድ፣ 102 ደቂቃ ማራገፍ፣ 11 ደቂቃ ጥበቃ፤ 4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ማለት ነው።

ሜክሲኮን ለምን ከፒያሳ በኋላ አደረግሁት? በመንገድ ከሄዱ ሜክሲኮ ይቀርባል፣ እውነት ነው። ከጎተራ 12:53 ወጥተው በ18 ደቂቃ 1:11 ሜክሲኮ ይደርሳሉ። ሱፐርማርኬቱ ግን 2:00 ሳይሞላ በር አይከፍትም። 49 ደቂቃ ቆመው፣ 15 ደቂቃ አራግፈው 2:15 ይወጣሉ፤ ፒያሳ ሲደርሱ 2:35 ነው። ኬክ ቤቱ ከ2:15 በኋላ ግቢው በደንበኞች መኪና ስለሚሞላ አያስገባም፤ 20 ደቂቃ አለፈን። ይህን ደግሞ በማለዳ መነሳት አያድነውም። ከሳሪስ በሌሊት ቢወጡ እንኳ ከሜክሲኮ መውጫዎ ያው 2:15 ነው። ስለዚህ ሜክሲኮ ከፒያሳ ከቀደመ ፒያሳ በምንም መንገድ አይደርስም፤ ይህን ተራ ከእንግዲህ አንሞክረውም።

ፒያሳ ድረስ ወጥቶ አጠገቡ ያለውን አራት ኪሎን ትቶ ወደ ሜክሲኮ መውረድ ሞኝነት እንደሚመስልዎት አውቃለሁ። እሱንም አስልቼዋለሁ። ከፒያሳ 1:29 ወጥተው በ8 ደቂቃ አራት ኪሎ 1:37 ይደርሳሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን ተማሪ ገብቶ ሳያልቅ፣ ማለትም 2:30 ሳይሆን፣ መኪና አያስገባም። 53 ደቂቃ ጥበቃ ነው። 2:40 ወጥተው ሜክሲኮ 3:04፣ ከዚያ በ16 ደቂቃ ካዛንቺስ 3:35፣ ገርጂ 4:19፣ መገናኛ 4:46፣ ቦሌ 5:19፣ ሳሪስ 5:56። ሁሉም በሰዓቱ ውስጥ ነው፣ በወረቀት ላይ ይሆናል። የሚተርፈን ግን 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ሆቴሉ ጋ አንድ የአትክልት መኪና ቀድሞን ከገባ አለቀ። በነዳጅ ጥቂት ብናተርፍም እኔ በ4 ደቂቃ ትርፍ መኪና አልልክም።

ገርጂንና መገናኛን ያገላበጥኩትም ለዚሁ ነው። በድሮው ተራ ከካዛንቺስ 3:23 ወጥተው መገናኛ 3:45፣ ገርጂ 4:15፣ ቦሌ 4:41፣ ሳሪስ 5:18 ይገባሉ። ከአሁኑ በ6 ደቂቃ ያጥራል። ነገር ግን የገርጂው ወጥ ቤት 4:30 ላይ ምሳ ስለሚጀምር መቀበል ያቆማል፤ ትርፋችን እዚያ 15 ደቂቃ ብቻ ነበር፣ ጉዞውም በሙሉ በሷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ገርጂ ሲቀድም ጠባቡ ቦታ 36 ደቂቃ ይሆናል፣ እሱም የራሳችን የ6:00 መግቢያ ነው፤ የደንበኛ በር አይደለም። በ6 ደቂቃ መንገድ 21 ደቂቃ ትርፍ ገዛን፤ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ሜክሲኮው 11 ደቂቃ። 12:40 ብትነሱ ሜክሲኮ 1:59 ትደርሳላችሁ፣ ጥበቃው 1 ደቂቃ ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በሙሉ ያው ነው። "ታዲያ 10 ደቂቃ ለምን እንቀድማለን፣ ቆሞ ለመጠበቅ?" ይላል ሙሌ። አዎ፣ ለመጠበቅ። ከሜክሲኮ በፊት የሚመጣ መዘግየት መጀመሪያ የሚበላው ያንን ጥበቃ ነው። ለገሃር ላይ 10 ደቂቃ ቢቆለፍባችሁ ሜክሲኮ 1:59 ትደርሳላችሁ፣ መውጫችሁ አሁንም 2:15 ነው፣ አራት ኪሎም ቦሌም ምንም አይሰማቸውም። ከሜክሲኮ በኋላ ግን የትም የምንጠብቅበት ቦታ ስለሌለ እያንዳንዷ የዘገየች ደቂቃ እስከ ሳሪስ ድረስ አብራችሁ ትመጣለች።

በሒሳቡ ብቻ ከሄድን እስከ 1:15 ድረስ ዘግይተው ቢነሱም ጎተራ 1:30 ላይ ይደርሳሉ፣ የቀረውም ይያያዛል። ይህ ግን የ12:30 መንገድና የ1:15 መንገድ አንድ ነው ካልን ነው። ከሳሪስ ጎተራ 15 ደቂቃ ያልኩት ለማለዳው ነው፤ ተማሪና ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ያንን ቁጥር እኔም አላምነውም። ስለዚህ 45 ደቂቃ ትርፍ አለ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ሻይ አይጠጣም። ሻዩ ሜክሲኮ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ እዚያ ስትጠብቁ አስፋልት ዳር አትቁሙ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር አይጥፋ፣ የኋላው በር አይከፈት።

ካዛንቺስ ላይ ጠንቀቅ ይበሉልኝ። ሆቴሉ ውሉ ላይ የጻፈው 8:00–10:00 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ 2:00–4:00 ማለት ነው፤ ተቀባዩ "እስከ 10 ሰዓት ነው" ቢላችሁ ከሰዓት በኋላ ያለው 10 እንዳይመስላችሁ። እኔም ሰንጠረዡን ኮምፒውተር ላይ በፈረንጅ ሰዓት ሠርቼ ነው ወደ እኛ የመለስኩት፤ አለዚያ 12:53 ላይ 26 ደቂቃ ሲደመር 1:19 መሆኑ ቀርቶ ወደ 13 ይሄዳል፣ ጥበቃውም የማይሆን ቁጥር ያወጣል።

ሌላው፣ የሆቴሉ በር እስከ 4:00 ክፍት ነው ማለት እስከ 4:00 መጠበቅ እንችላለን ማለት አይደለም። እዚያ ማራገፍ 3:46 ላይ ከጀመራችሁ፣ 20 ደቂቃ ተራግፎ 4:06 ትወጣላችሁ፣ ገርጂ ልክ 4:30 ትደርሳላችሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ካለፈ ገርጂ ተዘጋ፤ ቦሌም በዚያው ሰዓት ልክ 5:30 ላይ ነው የሚነካው። ስለዚህ የሆቴሉ እውነተኛ መጨረሻ ለእኛ 3:46 ነው። ሰልፍ ካለ ሙሌ ወርዶ ስንት መኪና እንደሚቀድመን ይጠይቅ፤ ከ3:46 የሚያሳልፍ ከሆነ እዚያው ሆናችሁ ደውሉልኝ። ትታችሁ ሄዳችሁ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ገርጂ ደርሳችሁ ስትመለሱ 4:00 አልፏል። የሆቴሉን 20 ሳጥን በከሰዓቱ መኪና እንዲቀበሉን እኔ ከግዢ ክፍላቸው ጋር እነጋገራለሁ።

3:46 ላይ ከጀመራችሁ ሳሪስ 6:07 ትገባላችሁ። የከሰዓቱ ሾፌር 7 ደቂቃ ቢጠብቅ ቅሬታውን እኔ እችለዋለሁ፤ ለሱ ብላችሁ ቀለበት መንገድ ላይ እንዳትሮጡ።

በዚሁ መንገድ ሜክሲኮም በር ላይ እስከ 4:00 ተብሎ ተጽፏል፣ 120 ደቂቃ ትርፍ ያሳያል። አትመኑት። ማራገፉ ከ2:43 በኋላ ከተጀመረ ገርጂና ቦሌ ያመልጣሉ፤ 6:00 ላይ ለመግባት ደግሞ 2:36 ነው።

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መገናኛ፦ የተለየ ነገር የለም። የትምህርት ቤቱን ባዶ ሳጥን ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ ባለፈው የጎደለው እዚያ ነው። መንገዱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እኔ ያሰብኩት ከካዛንቺስ ወደ ገርጂ በኡራኤልና በ22 ወደ ኢምፔሪያል፣ ከቦሌ ወደ ሳሪስ ደግሞ በቦሌ ሚካኤል በኩል በቀለበት መንገድ ነው። የተሻለ ካለ በዚያ ይሂዱ፣ ግን ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይንገሩኝ።

ለመጋዘን፦ ጭነቱ 12:25 ማለቅ አለበት። አጫጫኑ ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ ቦሌ 8 ሳጥን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ መገናኛ 16፣ ገርጂ 10፣ ካዛንቺስ 20፣ አራት ኪሎ 12፣ ሜክሲኮ 18፣ ፒያሳ 10፣ በር ላይ ጎተራ 6። የገርጂና የመገናኛ ተራ መቀየሩን የሌሊቱ ጫኝ እንዲያውቅ ከወዲሁ ይነገረው፤ በድሮው ተራ ከተጫነ ገርጂ ላይ 16 ሳጥን አውርዶ መልሶ መጫን ነው፣ የማራገፊያው 12 ደቂቃ አይበቃም።

ሙሌ፣ ከእያንዳንዱ ቦታ ስትወጡ የደረሳችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በርክክብ ወረቀቱ ጀርባ ጻፍልኝ። ከሜክሲኮ ስትወጡ አንድ ጊዜ ደውል፤ ሰዓቱ 2:15 ከሆነ "ደህና ነን" ካልከኝ ይበቃል።