በአንድ ሃይላንድ ውሃ፦ ከትምህርት ገበታ ውጭ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የሬዲዮ ትምህርት

የዕለቱ ትምህርት፦ እጅን በጥቂት ውሃና በሳሙና መታጠብ
አድማጮች፦ ከ8 እስከ 13 ዓመት ያሉ፣ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ሠርተው የሚውሉ ልጆች
ርዝመት፦ 15 ደቂቃ
ተናጋሪዎች፦ መምህርት፤ ሙሌ፣ የ12 ዓመት ሊስትሮ፤ ሰብለ፣ የ10 ዓመት ልጅ፣ እናቷ ጉልት ላይ ስትውል ቆሎ የምትሸጥና ሕፃን ወንድሟን የምታዝል

ለአዘጋጁና ለተናጋሪዎች ማሳሰቢያ፦ ይህን ትምህርት የሚያደምጡት ልጆች መጽሐፍም ሰሌዳም የላቸውም፤ ብዙዎቹ የሚሰሙን ሱቅ ደጃፍ ከተከፈተ ሬዲዮ ወይም ከሰው ስልክ ነው። ስለዚህ «ይህን ተመልከቱ» የሚል ቃል በጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ልጁ የሚማረው በጆሮውና በገዛ ጣቶቹ ነው። ልጁ የታዘዘውን የሚሠራው በዝምታው ውስጥ ስለሆነ የዝምታው ጊዜ እንዳይቆረጥ አደራ እንላለን። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ለእጅና ለውሃ ይነገራል እንጂ ለልጅ ፈጽሞ አይነገርም። ይህን ቃል መንገድ ላይ ጠግበው ይሰሙታልና ከእኛ አንደበት ሊሰሙት አይገባም።

(ድምፅ፦ አራት ኪሎ፣ የመኪና ጩኸት፤ የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ይሰማል። የሊስትሮ ብሩሽ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ይመታል፦ ኳ ኳ። ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል።)

መምህርት፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ቆሎ እየሸጣችሁ፣ ጫማ እየጠረጋችሁ፣ ወይም በሰው ቤት እየሠራችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ እንኳን አብራችሁን ሆናችሁ። ሙሌ፣ አሁን የመታኸው ድምፅ ምን ማለት ነው?

ሙሌ፦ መምህርት፣ ደንበኛው አንዱን እግሩን አውርዶ ሌላኛውን ሳጥኑ ላይ እንዲያስቀምጥ የምንነግረው በዚህ ድምፅ ነው። መናገር አያስፈልገንም፤ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ካደረግን ይገባዋል።

መምህርት፦ እንግዲያው እኛም ዛሬ በዚሁ ድምፅ እንግባባለን። ኳ ኳ ሲል ከሰማችሁ ተራው የእናንተ ነው፤ መልሱን ጮክ ብላችሁ ትናገራላችሁ፣ ወይም ያልኳችሁን በእጃችሁ ትሠራላችሁ። እንሞክረው። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁ ምን ምን ነክቶ ነበር?

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። የ6 ሰከንድ ዝምታ።)

መምህርት፦ ብር፣ የታክሲ በር፣ አፍንጫ፣ የውሻ ጀርባ፣ የጓደኛ እጅ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ሰብለ፣ አንቺስ?

ሰብለ፦ እኔ ወንድሜ ስለተጸዳዳ ጨርቁን ቀየርኩለት። ከዚያ ቆሎውን በስኒ እየሰፈርኩ ወረቀት ውስጥ ጨመርኩ። ሕፃን ስለሆነ ግን መምህርት፣ የእሱ ምንም አያደርግም ይባላል።

መምህርት፦ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንደዚያ ያምናሉ፣ ነገር ግን ልክ አይደለም። በሕፃን ዓይነ ምድር ውስጥም ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ይኖራሉ። ጀርም በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከዓይነ ምድር ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ቆሎ፣ ከቆሎ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ከዚያ ሆድ ያማል፣ ያስቀምጣል፤ አንዳንዴም ያስታውካል። የወስፋት እንቁላልም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል። ሰብለ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ወንድምሽን ማጽዳትሽ ደግ ሥራ ነው። የጎደለው ከጨርቁ በኋላና ከቆሎው በፊት እጅሽን መታጠብ ብቻ ነው።

ሙሌ፦ ግን ካልታየ እንዴት እንዳለ እናውቃለን?

መምህርት፦ ከአንተው እጅ እንማር። ዛሬ ስንት ጫማ ቀባህ?

ሙሌ፦ ሰባት። ሁሉም ጥቁር ነበር።

መምህርት፦ ይህን ዳቦ ሳትታጠብ ያዘውና መልሰህ አስቀምጠው። አሁን ዳቦው ላይ ያለውን ለአድማጮቻችን ንገራቸው።

ሙሌ፦ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር አሻራ አለ። የጣቴ መስመር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ ሌሎቹ አራቱ ጣቶቼ አሉ።

መምህርት፦ ልጆች፣ ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ሙሌ አየው። ጀርሙም ልክ እንደዚያ ቀለም ከአምስቱም ጣት ወደ ዳቦው ይተላለፋል፤ ልዩነቱ ጥቁር አለመሆኑ ነው። አሁን በውሃ ብቻ ታጠብ።

(ድምፅ፦ ውሃ በቀጭኑ ሲፈስስ፣ እጅ ሲታሽ፤ 5 ሰከንድ።)

ሙሌ፦ አልለቀቀም። ውሃው በላዩ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ።

መምህርት፦ የጫማ ቀለም ቅባት ስላለበት ውሃ ብቻውን አያነሣውም፤ በእጃችን ላይ ያለውም ወዝ ጀርሙን አጣብቆ ይይዘዋል። ሳሙና ግን ወዙን ከቆዳችን ያላቅቀዋል፣ ውሃው ደግሞ የተላቀቀውን ይዞት ይወርዳል። የሳሙናው ዓይነት አያስጨንቃችሁ፤ ሽታ ያለውም ሆነ ለልብስ የምትጠቀሙበት ደረቅ ሳሙና ቁራሽ ይሠራል። ሳሙና ጨርሶ ከጠፋ ከምድጃ የወጣ፣ የቀዘቀዘና ንጹሕ አመድ ከምንም ይሻላል።

ሰብለ፦ መምህርት፣ ውሃስ? ቦኖው ሩቅ ነው፤ ሰልፍም አለው። እማዬ ጀሪካኑን ለወጥና ለመጠጥ ነው የምታስቀምጠው።

መምህርት፦ ያልሽው የብዙ አድማጮቻችን ችግር ነው። የዛሬው ትምህርትም የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ፤ ግማሽ ሊትር የሚይዘው ይበቃል። ክዳኑን አንድ ትልቅ ሰው በምስማር አንድ ትንሽ ቀዳዳ እንዲያበጅለት ጠይቁ፤ ራሳችሁ አትብሱት፣ ምስማሩ ሊያዳልጣችሁ ይችላል። ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ጫን አድርጉት። የሚወጣው ውሃ እንደ ክር የቀጠነ ነው። አንዳችሁ ስትይዙ ሌላው ይታጠባል፤ ብቻውን የሆነ ልጅ ደግሞ ጠርሙሱን በብብቱ ሸጉጦ መጫን ይችላል። ስትታሹ ውሃው ይቁም፤ ስታለቀልቁ እንደገና ይፍሰስ። እንዲህ ከሆነ አንድ ሃይላንድ ከአንድ ልጅ አልፎ ለጓደኛው ይተርፋል።

ውሃውን ከቦኖ ወይም ከቧንቧ ቅዱ። ከቀበና ወይም ከግንፍሌ ወንዝ ግን አትቅዱ፤ በእነዚያ ወንዞች ውስጥ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ስለሚወርድ እጅን ሊያጸዱልን አይችሉም። በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ የእጅ መታጠቢያ መሆኑ እንዲታወቅ አንገቱ ላይ ክር እሰሩበት፤ በጨለማም ቢሆን ጣታችሁ ክሩን ሲነካ ታውቁታላችሁ።

አሁን አብረን እንታጠብ። ውሃና ሳሙና ያላችሁ አቅርቡ፤ የሌላችሁ በደረቅ እጅ ተለማመዱ፣ ምክንያቱም እጃችሁ ሥርዓቱን ከለመደው ውሃ ስታገኙ አይረሳውም። መጀመሪያ እጃችሁን አርጥቡና ውሃውን አቁሙ። ሳሙናውን እሹት።

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። የ8 ሰከንድ ዝምታ፤ ከበስተኋላ የእጅ መታሸት።)

መምህርት፦ መታሸቱ 20 ሰከንድ ያህል መቆየት አለበት። ሰዓት የለንም፣ ፊደል ግን አለን። ሦስት ረድፍ ፊደል ሳንቸኩል ስንቆጥር 21 ድምፅ ስለሚሆን ጊዜውን ይሞላልናል። ፊደል የማታውቁ ከእኔ ኋላ ተከተሉ፤ ዛሬ እጃችሁንም ታጥባችሁ ፊደልም ለምዳችሁ ትሄዳላችሁ።

(ለተናጋሪዋ፦ በገበታው ላይ ከለ ቀጥሎ የሚመጣው ሐ በአማርኛ ድምፁ ከሀ አይለይም፤ በጆሮ ብቻ የሚማርን ልጅ ግራ ስለሚያጋባው በቀጥታ ወደ መ ይታለፍ። እያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰከንድ ይውሰድ።)

መምህርት፦ መዳፍን ከመዳፍ፣ ከዚያ የእጅን ጀርባ እያሻችሁ፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ።

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። ሙሌና ሰብለ ይደግሙታል።)

መምህርት፦ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ፤ በጣትና በጣት መካከል፣ ከዚያ አውራ ጣትን በሌላኛው እጃችሁ ጨብጣችሁ እያዞራችሁ፦ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ።

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። ይደግሙታል።)

መምህርት፦ የጣቶቻችሁን ጫፍ ሰብስባችሁ በመዳፋችሁ ላይ ቧጥጡ፣ ሳሙናው ጥፍር ሥር እንዲገባ፦ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ።

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። ይደግሙታል።)

መምህርት፦ አሁን ውሃውን ልቀቁና አለቅልቁ። መቼ እንደሚበቃ ጣታችሁ ይነግራችኋል፤ አንዱን ጣት በሌላው ላይ ስትስቡት የሚያንሸራትት ከሆነ ሳሙና አለ፣ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ወጥቷል። አድምጡት።

(ድምፅ፦ ውሃ በቀጭኑ ይፈስሳል። እርጥብ ጣት በጣት ላይ ሲሳብ ሲጥ የሚል ድምፅ። የ8 ሰከንድ ዝምታ።)

መምህርት፦ እጃችሁን አራግፉና በነፋስ ይድረቅ፤ በለበሳችሁት ሸሚዝ አትጥረጉት። ሙሌ፣ ቀለሙ ምን ሆነ?

ሙሌ፦ ከመዳፌ ለቅቋል። ጥፍሬ ሥር ብቻ ትንሽ ቀርቷል።

መምህርት፦ ጥፍር ሲያድግ እንደዚህ ደብቆ ያስቀራል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መቆረጥ አለበት። አንድ ነገር በጣም አደራ፦ በምላጭ የምትቆርጡ ከሆነ ምላጭ አትዋዋሱ። በደም የሚተላለፍ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በምላጭ ሊሄድ ይችላል።

እንግዲህ መቼ መቼ እንታጠብ? እኔ አንዱን ስጠራ እናንተ ሌላውን ትናገራላችሁ። ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ አንድ ነው። ሌላውስ?

(ድምፅ፦ ኳ ኳ። የ6 ሰከንድ ዝምታ።)

ሰብለ፦ ከመብላታችን በፊት! ሕፃን ካጸዳን በኋላም። ቆሎ ከመስፈሬም በፊት።

መምህርት፦ አዎን። በቀን ውስጥ ውሃው ለሁሉም ባይበቃ እንኳ እነዚህን አታሳልፏቸው። ጠዋት ደግሞ ከዚያው ሃይላንድ ለፊታችሁ ትንሽ ውሃ አስተርፉ፤ ዓይንና አፍንጫ ሲጠራ ዝንብ አይሰበሰብበትም፣ ትራኮማ የሚባለውን ዓይን የሚያጠፋ በሽታም ለመከላከል ይረዳል። የፊት ማበሻ ጨርቅም እንደ ምላጩ የየራሳችሁ ይሁን።

ከእናንተ መካከል አሁን ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ይውሰድ። ደም ከታየበት፣ ወይም ውሃ የሚመስል ሆኖ አላቆም ካለ ሳይውል ሳያድር ለትልቅ ሰው ነግሮ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሙሌ፦ መምህርት፣ ያኛው ዳቦ ቀለም ነክቶታል። ሌላ አለ?

መምህርት፦ አለ፤ ለሁለታችሁም አዘጋጅቼ ነበር። እንካችሁ፣ እጃችሁ ሌላ ነገር ሳይነካ ብሉ።

(ድምፅ፦ ዳቦ ሲቆረስ፤ ልጆቹ ሲያመሰግኑ። የመንገዱ ድምፅ ይመለሳል።)

መምህርት፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለ ጥርስ እንማራለን። ሁላችሁም አንዳንድ የወይራ መፋቂያ፣ አንገቱ ክር የታሰረበትን ሃይላንዳችሁንም ይዛችሁ ጠብቁን። ደህና ዋሉ ልጆች።

(ድምፅ፦ ኳ ኳ።)